0.7 እና 1.0 ከየት መጡ? የወባ ስላይድ ባፈር ሒሳብ

ወባ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፉት ወረቀቶች አንዱ የባፈር ውሃ አሠራር ነው። አጭር ነው፦ KH₂PO₄ 0.7 ግራም፣ Na₂HPO₄ 1.0 ግራም፣ ዲስቲልድ ውሃ ጨምሮ 1 ሊትር ማድረስ፣ ፒኤች 7.2። ወረቀቱ ቁጥሮቹን ይሰጣል እንጂ ከየት እንደመጡ አይነግርም። ብዙዎቻችንም ጠይቀን አናውቅም፤ መዝነን፣ አሟሙተን፣ የጊምሳ ቀለሙን በዚያ ውሃ በጥብጠን ወደ ሥራችን እንገባለን። ጥያቄው የሚነሣው መደርደሪያው ላይ ያለው ጠርሙስ ከወረቀቱ ጋር አልገጥም ሲል ወይም ቀለሙ ሲበላሽ ነው።

እኔ ጥያቄውን የጠየቅሁት ቀለሙ ተበላሽቶብኝ ነው። ታሪኩን በኋላ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ ግን ፒኤች 7.2 ለምን እንዳስፈለገ እንይ።

ጊምሳ አንድ ቀለም አይደለም። በውስጡ ኢኦሲን የሚባል ቀይ ቀለም አለ፤ የኤሌክትሪክ ሙሌቱ ኔጌቲቭ ነው። አዙር የሚባል ሰማያዊ ቀለምም አለ፤ የእሱ ሙሌት ፖዘቲቭ ነው። የትኛው ቀለም ከየትኛው የሕዋስ ክፍል ጋር እንደሚጣበቅ የሚወስነው የሕዋሱ ፕሮቲን በዚያ ሰዓት የያዘው ሙሌት ነው፤ ይህን ደግሞ ውሃው ይቀይረዋል። ውሃው ወደ አሲድነት ካደላ ፕሮቲኑ ፖዘቲቭ ሙሌት ይበዛለትና ኢኦሲንን ይስባል፤ ስላይዱ ይቀላል፣ የጥገኛው ኒውክለስ ይደበዝዛል። ወደ ቤዝነት ካደላ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይለብሳል። በ7.2 አካባቢ ሁለቱ ቀለሞች ሥራቸውን በልክ ይካፈላሉ፦ ኒውክለሱ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ፣ ሳይቶፕላዝሙ ሰማያዊ ይሆናል። ቫይቫክስ ባጠቃው ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ሹፍነር የሚባሉት ሮዝ ነጠብጣቦችም የሚታዩት በዚህ ፒኤች ነው። ቫይቫክስና ፋልሲፓረም አብረው በሚገኙበት እንደ እኛ ባለ አገር እነዚህ ነጠብጣቦች ታዩ አልታዩ የመድኃኒቱን ምርጫ ሊለውጥ ይችላል።

ታዲያ ለምን ንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ አንጠቀምም? ዲስቲልድ ውሃ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ፒኤቹ ወደ 5.6 አካባቢ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ደግሞ የራሱ አቋም የለውም፤ ትንሽ ነገር ጠብ ባለበት ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይዘላል። የምንፈልገው 7.2 ላይ ቆሞ አልነቃነቅም የሚል ውሃ ነው።

ይህን የሚያደርግልን አንድ ንጥረ ነገር ሳይሆን ጥንድ ነው። በአንደኛው ጠርሙስ ያለው KH₂PO₄ ውሃ ውስጥ ሲገባ H₂PO₄⁻ ይሰጣል። በሌላኛው ያለው Na₂HPO₄ ደግሞ HPO₄²⁻ ይሰጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሃይድሮጅን ነው። የመጀመሪያው የሚሰጠው ሃይድሮጅን ስላለው አሲድ ነው፤ ሁለተኛው ያንኑ ሃይድሮጅን የሰጠ፣ መልሶም መቀበል የሚችል፣ የዚያው አሲድ ተጣማጅ ቤዝ ነው። ከውጭ አሲድ ሲመጣ ቤዙ ይቀበለዋል፤ ቤዝ ሲመጣ አሲዱ ሃይድሮጅኑን ሰጥቶ ያለዝበዋል። ፖታሲየሙና ሶዲየሙ በዚህ ጨዋታ ውስጥ እጃቸው የለበትም፤ አጃቢዎች ናቸው።

ጥንድ የሚመረጠው በፒኬኤው ነው። ፒኬኤ ማለት አሲዱና ተጣማጅ ቤዙ እኩል ለእኩል የሚሆኑበት ፒኤች ነው። ፎስፎሪክ አሲድ ሦስት ሃይድሮጅን ስላለው ሦስት ፒኬኤ አለው፦ 2.15፣ 7.20 እና 12.35 ገደማ። የእኛ ጥንድ የመካከለኛው ነው። የሆምጣጤው አሲድ ፒኬኤ 4.76 ነው። በእሱ 7.2 ላይ ለመድረስ ብንሞክር ለአንድ የአሲድ ቅንጣት 275 የሚያህል የቤዝ ቅንጣት ያስፈልገናል። ወረቀት ላይ ይቻላል፤ ግን ቤዝ ሲመጣበት የሚሰጠው አሲድ ስለሌለው በአንድ ወገን ባዶ የሆነ ባፈር ነው። ከፒኬኤው ከአንድ ፒኤች በላይ የራቀ ዒላማ ካለን ጥንዱን መቀየር እንጂ መጠኑን ማጋነን አያዋጣም።

ሙቀትም አለ። ትሪስ የሚባለው ባፈር በአንድ ዲግሪ ሙቀት ፒኬኤው በ0.028 ያህል ይወርዳል፤ ጠዋትና ቀትር በ10 ዲግሪ በሚለያዩበት ቆላ ይህ ወደ 0.3 ይጠጋል። ፎስፌት በዚያው 10 ዲግሪ የሚንቀሳቀሰው ወደ 0.03 ብቻ ነው። ለወባ ሥራ ፎስፌት የተመቸው በፒኬኤው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ መጠኑ። አሜሪካዊው ሎውረንስ ሄንደርሰን በ1908 የባፈርን ሚዛን በቀመር አስቀመጠ። ዴንማርካዊው ካርል ሃሰልባልኽ ደግሞ በ1916 ያንኑ ቀመር በሎጋሪዝም ጻፈው፤ እስከ ዛሬ የምንሠራበት እሱ ነው፦

pH = pKa + log ( [HPO₄²⁻] / [H₂PO₄⁻] )

በቃል ሲነገር፦ የባፈሩ ፒኤች ፒኬኤው ሲደመር የቤዙና የአሲዱ ንጽጽር ሎጋሪዝም ነው። ቀመሩ ስለ ንጽጽር እንጂ ስለ ብዛት አይናገርም። ቤዙ ከአሲዱ እጥፍ ከሆነ ፒኤቹ ከፒኬኤው በ0.3 ይበልጣል፤ አሥር እጥፍ ከሆነ በ1 ይበልጣል።

ንጽጽሩ የቅንጣት ቁጥር ነው እንጂ የግራም አይደለም። አንድ ኪሎ ጤፍና አንድ ኪሎ ባቄላ በፍሬ ቁጥር እኩል እንዳልሆኑ ሁሉ አንድ ግራም የዚህ ጨውና አንድ ግራም የዚያ ጨው በቅንጣት እኩል አይደሉም። ግራሙን ለሞለኪውላዊ ክብደቱ ስናካፍል ሞል እናገኛለን። KH₂PO₄ 136.1፣ ውሃ የሌለበት Na₂HPO₄ ደግሞ 142.0 ይመዝናል።

እንግዲህ ወረቀቱን ትተን ራሳችን እናስላ። በአንድ ሊትር ውስጥ በጠቅላላው 12 ሚሊሞል ፎስፌት እንዲኖር እንፈልጋለን እንበል። ዒላማችን 7.2፣ ፒኬኤውም 7.2 ነው። ልዩነቱ ዜሮ፣ ንጽጽሩ አንድ ለአንድ፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ 6 ሚሊሞል። በግራም KH₂PO₄ 0.82፣ Na₂HPO₄ 0.85 ይሆናል። ንጹሕ ሒሳብ ነው፤ ተማሪ ፈተና ላይ ቢጽፈው ሙሉ ነጥብ ያገኝበታል።

ግን ግድግዳው ላይ ያለው 0.7 እና 1.0 ነው። የወረቀቱን ቁጥር ወደ ሞል ስንመልሰው አሲዱ 5.14፣ ቤዙ 7.04 ሚሊሞል ይወጣዋል። ንጽጽሩ 1.37፣ ሎጋሪዝሙ 0.14 ነው። በቀመሩ መሠረት የዚህ ባፈር ፒኤች 7.34 መሆን ነበረበት። ሜትሩ ላይ ሲለካ ግን 7.1 እና 7.2 መካከል ይገኛል። አንድ ለአንድ የሠራነው "ትክክለኛው" ደግሞ ሲለካ 7.0 አካባቢ ነው። ወረቀቱ ልክ ነው፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።

ስሕተቱ ያለው 7.20 በሚለው ቁጥር ላይ ነው። መጽሐፍ ላይ የሚታተመው ፒኬኤ እጅግ ለቀጠነ፣ ጨው የለበትም ለሚባል ውሃ የተሰላ ነው። የእኛ ውሃ ውስጥ ግን ራሱ ባፈሩ የሚያመጣቸው አዮኖች ይዋኛሉ። HPO₄²⁻ ሁለት ኔጌቲቭ ሙሌት ስላለው ፖዘቲቭ የሆኑት ሶዲየምና ፖታሲየም በዙሪያው ይሰበሰቡና ይደግፉታል። ድጋፍ ያገኘ ቤዝ ደግሞ ሃይድሮጅን ለመቀበል አይቸኩልም፤ በሌላ አነጋገር አሲዱ ሃይድሮጅኑን መስጠት ይቀለዋል። ውጤቱ ፒኬኤው መውረዱ ነው። በዚህ ባፈር የጨው መጠን ሲሰላ 7.0 ገደማ ይሆናል። ሙሌቱ አንድ ብቻ ከሆነው ከሆምጣጤው ቤዝ ይልቅ ፎስፌት ላይ ይህ ነገር የጎላ ነው፤ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም።

በ7.0 እንደገና እናስላ። 7.2 ሲቀነስ 7.0 የሚሰጠው 0.2 ነው፤ ንጽጽሩ 1.58 ይሆናል። 12 ሚሊሞሉን በዚህ ስንከፍለው ቤዙ 7.35፣ አሲዱ 4.65 ይደርሰዋል። በግራም KH₂PO₄ 0.63፣ Na₂HPO₄ 1.04። እነሆ የግድግዳው ቁጥር ደጃፍ ላይ ደረስን። 0.7 እና 1.0 ይህንኑ በቀላል ሚዛን ሊመዘን በሚችል ቁጥር ያስቀመጠ ነው።

ይህ ነገር ለሌላ ወጥመድም መልስ ይሰጣል። ጊዜ ለመቆጠብ ብለው አሥር እጥፍ የወፈረ ባፈር፣ ማለትም በሊትር 7 እና 10 ግራም፣ ሠርተው የሚያስቀምጡ አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የወፈረውን ሲለኩት 6.9 አካባቢ ያገኙና "ወርዷል" ብለው ቤዝ ጨምረው 7.2 ያደርሱታል። ሲቀጥን ጨው ስለሚቀንስ ፒኬኤው መልሶ ይወጣል፤ የቀጠነው ባፈር 7.4 ይደርሳል፣ ስላይዱም ሰማያዊ ይሆናል። የወፈረ ባፈር ፒኤች የሚስተካከለው ናሙናው ለሥራ በሚውልበት መጠን ቀጥኖ ከተለካ በኋላ ነው።

ጠቅላላ ብዛቱን ለምን 12 ሚሊሞል አልን? ንጽጽሩ ፒኤቹን ይወስናል፤ ብዛቱ ደግሞ ባፈሩ ምን ያህል እንደሚችል ይወስናል። በዚህ መጠን አንድ ሊትር ባፈር በ0.1 ፒኤች እንዲወርድ ወደ 7 ሚሊ ሊትር የሚሆን 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈልጋል። ያንኑ አሲድ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ብናፈስሰው ፒኤቹ ወደ 3.2 ይወርድ ነበር። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ስላይዱ ላይ ያለው ደም ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ እዚህ ግባ የሚባሉ አይደሉም። ስለዚህ 12 በቂ ነው፤ ማወፈሩ ጨውን ከማባከን ሌላ ትርፍ የለውም።

አሁን ወደ ታሪኬ። በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ አዲስ ጠርሙስ Na₂HPO₄ መጣልን። እንደ ወትሮው 0.7 እና 1.0 መዘንኩ፤ ሟሟ፤ ጊምሳውን በጠበጥኩ። ከሰዓት በኋላ ያየኋቸው ስላይዶች ሁሉ ሮዝ ነበሩ። ነጭ የደም ሕዋሳቱ ኒውክለስ ፈዝዟል፤ ጥገኛው ቢኖርም ቀይዋን ነጥብ ለማየት ዓይን መፈለግ ነበረበት። በመጀመሪያ ቀለሙን ጠረጠርኩ፤ ከዚያ ሜታኖሉን፤ ከዚያ የማድረቂያ ሰዓቱን። ጠርሙሱን ያነበብኩት በማግሥቱ ነው። Na₂HPO₄ ከሚለው ቀጥሎ በትንሹ ነጥብ ተደርጎ 12H₂O ተጽፏል።

ጨው ክሪስታል ሲሠራ ውሃ አብሮ ይቋጥራል። Na₂HPO₄ ውሃ የሌለበት፣ ሁለት ውሃ የያዘ፣ ሰባት የያዘና አሥራ ሁለት የያዘ ሆኖ ይሸጣል። የአሥራ ሁለቱ ክብደት 358.1 ነው። አንድ ግራም መዝኜ ያገኘሁት ቤዝ 7.04 ሳይሆን 2.79 ሚሊሞል ብቻ ነበር፤ ቀሪው የገዛሁት ውሃ ነው። ንጽጽሩ 1.37 መሆኑ ቀርቶ 0.54 ሆነ፤ ፒኤቹ ወደ 6.8 ወረደ። ያየሁት ሮዝ ይኸው ነው።

መፍትሔው ቀላል ማካፈል ነው፦ የጠርሙሱን ክብደት ለ142 አካፍለን በወረቀቱ ግራም እናባዛለን። ለአሥራ ሁለት ውሃው 2.52 ግራም፣ ለሁለት ውሃው 1.25 ግራም ይመጣል። KH₂PO₄ ውሃ ስለማይቋጥር በእሱ በኩል ይህ ጣጣ የለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ አሥራ ሁለት ውሃ የያዘው ክሪስታል ክዳኑ ሳይጠብቅ በደረቅ አየር ከቆየ ውሃውን እየለቀቀ ነጭ ዱቄት ይለብሳል። ያን ጊዜ ክብደቱ በ358 እና በዝቅተኛዎቹ መካከል የሆነ ማንም የማያውቀው ቁጥር ይሆናል። ያረጀ ጠርሙስ ውስጥ የጠራው ክሪስታል ደርቆ ካየሁ እኔ አልመዝነውም።

ሌላው የጠርሙስ ስሕተት የሁለት ቁጥር አቀማመጥ ነው። Na₂HPO₄ ቤዙ ነው፤ NaH₂PO₄ ግን አሲድ ነው። "2" ከኤች በፊት ነው ወይስ ከኋላ? ሁለተኛውን በስሕተት ያነሣ ሰው አሲድ በአሲድ ላይ ይጨምርና ፒኤቹ 5 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ያርፍበታል። ይህኛው ቢያንስ በፒኤች ወረቀት ላይም ቶሎ ይታያል።

እነዚህን ሁለቱን የምጠቅሰው ሌላው ስሕተት ይቅር የሚባል ስለሆነ ነው። ሚዛናችን አንድ አሥረኛ ግራም ብቻ የሚያሳይ ቢሆንና 0.7 ያልነው 0.75 ቢሆን ፒኤቹ የሚለወጠው በ0.03 ነው። ሎጋሪዝም ትንንሽ ስሕተትን ይውጣል። ባፈር የሚበላሸው በሚሊግራም ጉድለት ሳይሆን ሁለትና ሦስት እጥፍ በሚያሳስት የጠርሙስ ንባብ ነው።

ሲሠራ እንዲህ ነው። 0.7 ግራሙ KH₂PO₄ በቢከር ውስጥ በ150 ሚሊ ሊትር ያህል ዲስቲልድ ውሃ ይሟሟል፤ ከዚያ Na₂HPO₄ው ይጨመርና ክሪስታሉ እስኪጠፋ ይበጠበጣል፤ በመጨረሻ በተለካ ዕቃ 1 ሊትር ይደርሳል። ውሃውን መጀመሪያ አንድ ሊትር ለክቶ ጨው መጨመር ለዚህ መጠን ብዙ አይጎዳም፤ ልማዱ ግን ለወፈረ ባፈር አይሆንም።

ከዚያ ይለካል። ፒኤች ሜትሩ መጀመሪያ በመለኪያ ባፈር መስተካከል አለበት፤ አንደኛው 7.00፣ ሁለተኛው 4.01 ወይም 10.01። የማስተካከያው ጠርሙስ ተከፍቶ የከረመ ከሆነ ሜትሩ በሙሉ እምነት ይዋሻል። 7.2 ካልሆነ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወይም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መጎተት አያስፈልግም። ከሁለቱ ጨዎች 2 በመቶ መፍትሔ፣ ማለትም 2 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ይበቃል። ለማውጣት የNa₂HPO₄ው፣ ለማውረድ የKH₂PO₄ው ጠብ ይደረጋል። እነዚህ የጥንዱ አባላት ስለሆኑ ንጽጽሩን ብቻ ይለውጣሉ፤ ጠብታው ቢበዛ እንኳ ፒኤቹ በአንዴ አይዘልም።

ምን ያህል? ሊትሩ 7.13 ቢለካና 7.2 ብንፈልግ ንጽጽሩ በ1.17 መባዛት አለበት። ቤዙ ከ7.04 ወደ 8.25 ሚሊሞል ገደማ ይደርሳል፤ ጭማሪው 1.2 ነው። 2 በመቶው መፍትሔ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.14 ሚሊሞል ስለያዘ 9 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። በሁለት በሁለት ሚሊ ሊትር እየጨመሩ፣ እየበጠበጡና እየለኩ መሄድ ነው። 9 ይበቃል ተብሎ 40 ሚሊ ሊትር ከጠጣ ግን ጠብታውን አቁሞ ጠርሙሱን እንደገና ማንበብ ይሻላል።

የተዘጋጀው ባፈር ጠርሙስ ላይ ቀኑና የተለካው ፒኤች ይጻፋል። ፎስፌት ለሻጋታና ለባክቴሪያ ምግብ ነው፤ ውሃው ከደፈረሰ ወይም ሥሩ ላይ ዝቃጭ ከታየ ይደፋል። ጊምሳው የሚበጠበጠው ለዚያ ሰዓት ሥራ የሚበቃው ብቻ ነው፤ ባፈሩም ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ይለካል። ሮዝ ስላይድ ካየሁበት ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ በጠርሙሱ ላይ ሦስተኛ ነገር እጽፋለሁ፦ የተመዘነው Na₂HPO₄ ስንት ውሃ እንደያዘ።